በር መዝጋት፣ እንግዳ ማስወጣት፦ በኢንስታግራም የመከተል ጥያቄ፣ ተከታይን ማስወጣትና ብሎክ ማድረግ እንዴት ይለያያሉ?

አንዲት የአጎቴ ልጅ የኢንስታግራም አካውንቷን የግል ወይም በተለምዶ እንደምንለው «ፕራይቬት» ያደረገችው ሳትወድ ነው። ቀደም ሲል አብሯት ይሠራ የነበረ አንድ ሰው በምትለጥፈው ፎቶ ሁሉ ሥር የማትፈልገውን አስተያየት መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ በስቶሪዋ ላይም በየዕለቱ መልስ ይልክላት ነበር። አንድ ማታ ማስተካከያውን ቀየረችና እፎይ ብላ ተኛች። በማግስቱ እናቷ ቡና ስታፈላ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ በስቶሪዋ ላይ አወጣች፤ ከሰዓት በኋላ ያዩትን ሰዎች ዝርዝር ስትከፍት የዚያው ሰው ስም እዚያ ነበር። ወዲያው ደወለችልኝ፤ «ዘግቼው የለም እንዴ? በየት በኩል ገባ?» አለችኝ።

ሰውየው በየትም አልገባም፤ ከመጀመሪያውም ውስጥ ነበር። የግቢን በር መዝጋት ከውጭ የሚመጣውን ያስቆማል እንጂ ቀድሞ ግቢ ውስጥ የተቀመጠውን እንግዳ አያስወጣም። አካውንትን የግል ማድረግ፣ ተከታይን ማስወጣትና ብሎክ ማድረግ ሦስት የተለያዩ ተግባራት ናቸው፤ ብዙ ሰው ግን አንዱን አድርጎ የሌላውን ውጤት ይጠብቃል። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም በኢንስታግራም አሠራር መሠረት እናያለን። አብዛኞቻችን ስልካችንን በእንግሊዝኛ ስለምንጠቀም የቁልፎቹን ስም በስክሪኑ ላይ እንደሚነበበው አስቀምጬዋለሁ።

«መከተል» ማለት በትክክል ምን ማለት ነው?

ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። በፌስቡክ ጓደኝነት የሁለት ወገን ስምምነት ነው፤ አንዱ ጠይቆ ሌላው ሲቀበል ሁለቱም በአንድ ጊዜ የእርስ በርስ ጓደኞች ይሆናሉ። በኢንስታግራም ግን መከተል የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው። እኔ አንቺን ስከተል አንቺ የምትለጥፊው ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ የምለጥፈው ግን አንቺም በበኩልሽ እኔን ካልተከተልሽ ወደ አንቺ አይመጣም። በመሆኑም በማንኛውም ሁለት ሰዎች መካከል ሁለት የተለያዩ መንገዶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንደኛው ከእኔ ወደ አንቺ፣ ሌላኛው ከአንቺ ወደ እኔ። አንዱ ሲቋረጥ ሌላው ሳይነካ ሊቀር ይችላል።

በፕሮፋይል አናት ላይ ጎን ለጎን የሚታዩት ሁለት ቁጥሮች እነዚህን መንገዶች ይቆጥራሉ። «followers» የሚለው እኛን የሚከተሉንን፣ «following» የሚለው ደግሞ እኛ የምንከተላቸውን ያሳያል። አንድን ሰው መከተል ስናቆም የምንቆርጠው የራሳችንን መንገድ ነው፤ ስለዚህ የእሱ ልጥፍ ወደ እኛ መምጣቱን ያቆማል፣ እሱ ግን የእኛን ማየቱን ይቀጥላል። የአጎቴ ልጅም ከወራት በፊት ሰውየውን መከተል አቁማ ነበርና «እኮ ካቆምኩት ቆየሁ» ማለቷ ከዚሁ የመነጨ ነው። ያቆመችው ግን እሷ ወደ እሱ የምትሄድበትን መንገድ ነበር።

አካውንት የግል ሲሆን የሚዘጋው ምንድን ነው?

በ«Settings» ውስጥ «Account privacy» የሚለውን ከፍተን «Private account» የሚለውን ስናበራ ፎቶዎቻችን፣ ቪዲዮዎቻችን፣ ስቶሪዎቻችን፣ እንዲሁም የተከታዮቻችንና የምንከተላቸው ሰዎች ዝርዝር ከተከታዮቻችን በስተቀር ለማንም አይታዩም። ተከታያችን ያልሆነ ሰው ወደ ፕሮፋይላችን ሲመጣ አካውንቱ የግል መሆኑን የሚነግር አጭር ጽሑፍ ብቻ ያገኛል። አንድ ተከታያችን ፎቷችንን ተከታያችን ላልሆነ ሰው በመልእክት ቢልክለት እንኳ ተቀባዩ ሊከፍተው አይችልም። ተከታዩ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ከላከው ግን ይህ ጥበቃ አይሠራም፤ የተላከው ከእንግዲህ ተራ ምስል ነውና።

ክፍት ሆኖ የሚቀረው ነገር ብዙዎች ከሚገምቱት ይበልጣል። የፕሮፋይል ፎቶ፣ የመጠቀሚያ ስም፣ ሙሉ ስም፣ ከሥሩ የምንጽፈው አጭር መግለጫ፣ የልጥፎችና የተከታዮች ብዛት ለማንኛውም ሰው ይታያሉ። በመግለጫው ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ወይም ስልክ ቁጥሩን የጻፈ ሰው አካውንቱን የግል ቢያደርግም ያ ጽሑፍ አይሸፈንለትም። ለሁሉም ክፍት በሆነ የሌላ ሰው ገጽ ላይ፣ ለምሳሌ በአንድ ታዋቂ ድምፃዊ ፎቶ ሥር፣ የምንጽፈው አስተያየትም እዚያው ለሚያልፍ ሁሉ ይነበባል። የግል አካውንት መልእክት እንዳይመጣብን አያደርግም፤ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ማስተካከያ አለው።

የአካውንቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው። ለንግድ የተመዘገበ አካውንት የግል ሊደረግ አይችልም፤ ባለቤቱ አስቀድሞ ወደ መደበኛ አካውንት መመለስ አለበት። ልብስ ወይም ኬክ ለመሸጥ ብለው አካውንታቸውን ወደ ንግድ ቀይረው የረሱ ሰዎች «ማብሪያው አልሠራ አለኝ» የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ኢንስታግራም በ2024 ካስተዋወቀው አሠራር ወዲህ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የተዘጋጀው አካውንት ከመነሻው የግል ሆኖ ይከፈታል፤ ከ16 ዓመት በታች ያሉት ይህን ለመቀየር የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል።

አሁን ወደ ተነሳንበት እንመለስ። የአጎቴ ልጅ ማስተካከያውን ስትቀይር 412 ተከታዮች ነበሯት። ከቀየረች በኋላም 412 ነበሩ። ኢንስታግራም አካውንቱ የግል ሲሆን ቀድሞ የሚከተሉትን ሁሉ እንደተፈቀደላቸው ይቆጥራቸዋል፤ አንድ በአንድ ይታዩ ብሎ አይጠይቅም። ሰውየው ከ412ቱ አንዱ ስለነበር ለእሱ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ስለሆነም አካውንቱን የግል የሚያደርግ ሰው ሥራው ማብሪያውን በመንካት አይጠናቀቅም፤ የተከታዮቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ማየት ይኖርበታል። እሷ ይህን ስታደርግ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅቶባታል፤ ከማታውቃቸው ብዙዎቹ አካውንቷ ክፍት በነበረባቸው ዓመታት ያለ ጠያቂ የገቡ ነበሩ።

የመከተል ጥያቄ ሲላክ በሁለቱም ወገን ምን ይታያል?

አካውንት የግል ከሆነ በኋላ የሚመጣ አዲስ ሰው «Follow» የሚለውን ሲነካ ወዲያው ተከታይ አይሆንም። ቁልፉ ወደ «Requested» ይቀየራል፤ ይህም ጥያቄው ተልኮ መልስ እየተጠበቀ ነው ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ጠያቂው ከማንም የተለየ ነገር አያይም፤ ጥያቄ ስለላከ ብቻ አንድም ፎቶ አይከፈትለትም። ሐሳቡን ከቀየረ ያንኑ ቁልፍ ደግሞ በመንካት ጥያቄውን ሊሰርዘው ይችላል።

ተቀባዩ ጥያቄውን የሚያገኘው ማሳወቂያዎች በሚገኙበት ገጽ፣ «Follow requests» በሚለው ሥር ነው። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ «Confirm» እና «Delete» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። በተግባር ግን ምርጫው ሦስት ነው፤ መቀበል፣ መሰረዝና ዝም ብሎ መተው።

ስንቀበል ጠያቂው ጥያቄው ተቀባይነት ማግኘቱ ይነገረዋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፈቃዱ ወደፊት ለሚለጠፈው ብቻ ሳይሆን ወደኋላም የሚሠራ መሆኑን ነው። ዛሬ የተቀበልነው ሰው ከአምስት ዓመት በፊት የለጠፍነውን የልጃችንን የክርስትና ፎቶ ሳይቀር ወርዶ ማየት ይችላል። ሳሎን ድረስ ብቻ ግባ ብሎ ነገር የለም፤ በሩ ከተከፈተ ቤቱ በሙሉ ተከፈተ። ከዚያም ባሻገር መቀበል መልሶ መከተል አይደለም፤ እኛ እሱን ለመከተል ከፈለግን ለብቻው መጠየቅ ወይም መከተል አለብን።

በመሰረዝና በመተው መካከል ያለው ልዩነት ስውር ቢሆንም ጥቅም አለው። ስንሰርዝ ጠያቂው ምንም ማሳወቂያ አይደርሰውም፤ ነገር ግን በእሱ ስልክ ላይ «Requested» የነበረው ቁልፍ ተመልሶ «Follow» ይሆናል። ስለዚህ ፕሮፋይላችንን ደግሞ የጎበኘ ሰው ጥያቄው ተቀባይነት እንዳላገኘ ይረዳል፤ ከፈለገም እንደገና ሊልክ ይችላል። ዝም ብለን ስንተወው ግን ቁልፉ እንደ ቆመ ይቆያል፤ ጠያቂው አላየነውም ይሁን አልፈለግነውም ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጥያቄው እያለም ራሱ ካልሰረዘው በቀር ሌላ መላክ አይችልም። ይሉኝታ ለያዘው ሰው፣ ለምሳሌ ለአለቃው ወይም ለሩቅ ዘመዱ «እምቢ» ማለት ለከበደው፣ እኔ የምመክረው መተውን ነው። የማይታወቅ ሰው ከሆነ ግን መሰረዙ ዝርዝሩን ያጠራል።

ከመቀበል በፊት አንድ ነገር በጥንቃቄ ማየት ይገባል። የምናውቀውን ሰው ስምና ፎቶ የያዘ ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ ያ ሰው ቀድሞውንም ተከታያችን መሆን አለመሆኑን በዝርዝራችን ውስጥ እንፈልግ። ቀድሞ ካለና አሁን ሁለተኛ ጥያቄ ከመጣ፣ አንድም ሰውየው አዲስ አካውንት ከፍቷል፣ አንድም ሌላ ሰው በስሙ ከፍቶበታል። የመጠቀሚያ ስሞቹን ጎን ለጎን ስናያቸው ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አንዲት ነጥብ፣ አንዲት የግርጌ ሰረዝ ወይም የተደገመ ፊደል ሆኖ ይገኛል። አዲሱ አካውንት ሁለት ወይም ሦስት ፎቶ ብቻ ካለውና ሁሉም በአንድ ቀን የተለጠፉ ከሆኑ ጥርጣሬው ይበረታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በኢንስታግራም ሳይሆን በስልክ ደውሎ መጠየቅ። ለሐሰተኛው አካውንት «አንተ ነህ?» ብሎ መጻፍ ፋይዳ የለውም፤ የሚመልሰው ያው ራሱ ነው።

ተከታይን ማስወጣት ምን ይቆርጣል፣ ምንስ ይተዋል?

ተከታይን ለማስወጣት የራሳችንን ፕሮፋይል ከፍተን የተከታዮችን ቁጥር እንነካለን፤ ስሙን ከዝርዝሩ ፈልገን አጠገቡ ያለውን «Remove» እንጫናለን። ኢንስታግራም ከማስወጣቱ በፊት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ እዚያው ላይም ሰውየው ከተከታዮች መውጣቱ እንደማይነገረው ይገልጻል። የአጎቴ ልጅ ይህን ስታደርግ 412 የነበረው ቁጥር 411 ሆነ፤ በዚያኛው ወገን ግን ምንም ደወል አልጮኸም።

የተቆረጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእሱ ወደ እሷ የሚመጣው መንገድ። ልጥፎቿና ስቶሪዎቿ ለእሱ መታየት ያቆማሉ። የቀረው ሁሉ ባለበት ነው። ስሟን ፈልጎ ማግኘት ይችላል፣ የፕሮፋይል ፎቶዋንና መግለጫዋን ያያል፣ መልእክት ሊሞክር ይችላል፣ ከዚህ በፊት በፎቶዎቿ ሥር የጻፋቸው አስተያየቶችም አብረው አይጠፉም። እሷ እሱን እየተከተለችው ቢሆን ኖሮ ያም አይቋረጥም ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አዲስ የመከተል ጥያቄ ከመላክ የሚያግደው የለም። የግቢውን ቁልፍ ወስደንበታል፤ ወደ በሩ መጥቶ ከማንኳኳት ግን አልከለከልነውም።

ማስወጣት ትርጉም የሚኖረው አካውንቱ የግል ሲሆን መሆኑም ከዚህ ግልጽ ይሆናል። አካውንቱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ የወጣው ሰው ያለ ምንም ፈቃድ ያንኑ ፎቶ ያያል፤ «Follow» ብሎም በዚያው ቅጽበት ይመለሳል። በር በሌለው ግቢ እንግዳ ማስወጣት ማለት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አስፈላጊ ነው፤ መጀመሪያ አካውንቱን የግል ማድረግ፣ ቀጥሎ ማስወጣት።

ሰውየው ነገሩን ያወቀው በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል። ስቶሪዋ ከፊቱ ሲጠፋበት ስሟን ፈልጎ ፕሮፋይሏን ከፍቷል፤ እዚያ የጠበቀው አካውንቱ የግል መሆኑን የሚገልጸው ጽሑፍና «Follow» የሚለው ቁልፍ ነው። በዚያው ምሽት ጥያቄው መጣ። ሰረዘችው። ከእራት በኋላ እንደገና መጣ። በማግስቱ ጠዋትም ሌላ ነበር። ማስወጣት የሚበቃው ለሚርቅ ሰው ነው፤ እየተመላለሰ ለሚያንኳኳ ሰው ግን ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ብሎክ ማድረግስ በምን ይለያል?

ብሎክ ሁለቱንም መንገድ በአንድ ጊዜ ይቆርጣል፤ ከዚያም አልፎ መንገድ እንደገና እንዳይከፈት ያግዳል። የሰውየውን ፕሮፋይል ከፍተን ከላይ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስንነካ «Block» የሚለውን እናገኛለን። ኢንስታግራም እዚህ ላይ ሰውየው ያሉትን ወይም ወደፊት የሚከፍታቸውን ሌሎች አካውንቶች ጭምር የማገድ አማራጭ ያቀርባል። ይህ አማራጭ የሚሠራው ኢንስታግራም አካውንቶቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን እስካወቀ ድረስ ነው። በወንድሙ ስልክ፣ በሌላ ስልክ ቁጥር የተከፈተ አካውንት ሊያመልጠው ስለሚችል ሙሉ ዋስትና ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ብሎክ ከተደረገ በኋላ እርስ በርስ መከተል በሁለቱም ወገን ይቋረጣል፤ የታገደው ሰው ፕሮፋይላችንን ከፍቶ ልጥፎቻችንን ማየት፣ የመከተል ጥያቄ መላክ፣ በስም መጥራትም ሆነ ታግ ማድረግ አይችልም። የሚልከው መልእክት አይደርስም፤ በኋላ ብሎኩ ቢነሳ እንኳ በመሐል የላከው ተጠራቅሞ አይመጣም። እዚህም ላይ የሚደርሰው ማሳወቂያ የለም። በማስወጣት ጊዜ ሳይነኩ የሚቀሩት ቀድሞ የሰጣቸው ላይኮችና የጻፋቸው አስተያየቶች በብሎክ ጊዜ ከፎቶዎቻችን ሥር ይጠፋሉ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የአጎቴን ልጅ ዋጋ ሊያስከፍላት ነበር። ሰውየው ከጻፋቸው አስተያየቶች ውስጥ ሁለቱ ማስፈራሪያ የሚመስሉ ነበሩ፤ «Block» ልትነካ ስትል አስቆምኳት። አስቀድማ እያንዳንዱን አስተያየት፣ ስሙና ቀኑ እንዲታይ አድርጋ ስክሪንሹት አነሳች፤ የመልእክት ሳጥኑንም እንዲሁ። የፕሮፋይሉን የመጠቀሚያ ስም በወረቀት ጻፈች፤ ስም በማንኛውም ጊዜ ሊቀየር ይችላልና። ቀጥሎ አስተያየቶቹን ለኢንስታግራም ሪፖርት አደረገች፤ በመጨረሻ ብሎክ አደረገችው። ቅደም ተከተሉ ተገላብጦ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ለፖሊስ ወይም ለመሥሪያ ቤት ማሳየት ቢያስፈልጋት በገጿ ላይ የምታሳየው ማስረጃ አይኖርም ነበር። ማስፈራራት ወይም ትንኮሳ የደረሰበት ሰው ሁሉ ይህን ሥርዓት እንዲከተል ከልቤ እለምናለሁ፤ በንዴት ቶሎ ብሎክ ማድረግ ተፈጥሯዊ ቢሆንም አምስት ደቂቃ መታገሥ ማስረጃውን ያተርፋል።

ብሎክ የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። የታገደው ሰው ለሁሉም ክፍት በሆነ የሦስተኛ ሰው ገጽ ላይ ወይም እሱ በሚከተለው ሰው ገጽ ላይ የጻፍነውን አስተያየትና የሰጠነውን ላይክ ማየት ይችላል። የጋራ ወዳጅ ስልኩን ዘርግቶ ቢያሳየውም የሚያግድ ነገር የለም። ሌላው የቡድን መልእክት ነው። የአጎቴ ልጅና ሰውየው ለቀድሞ ባልደረባቸው ሠርግ መዋጮ ለማሰባሰብ በተከፈተ አንድ ቡድን ውስጥ አብረው ነበሩ። ኢንስታግራም ብሎክ ያደረጉት ሰው ያለበት ቡድን ሲያጋጥም መቆየት ወይም መውጣት ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከቆዩ ግን በቡድኑ ውስጥ የሚጻፈው መታየቱን ይቀጥላል። እሷ መዋጮዋን ለሙሽራዋ እህት በቀጥታ ልካ ከቡድኑ ወጣች።

አንድ ሰው አስወጥቶኝ ይሁን ብሎክ አድርጎኝ በምን አውቃለሁ?

ኢንስታግራም ሁለቱንም አይነግርም፤ ምልክታቸው ግን የተለያየ ነው። ስሙን ስንፈልገው ከተገኘ፣ ፎቶውና የተከታዮቹ ብዛት ከታዩና «Follow» የሚለው ቁልፍ ካለ የተደረገው ማስወጣት ነው፤ ወይም እኛው ሳናስተውል መከተል አቁመናል። ስሙ ጨርሶ ካልተገኘ ወይም ፕሮፋይሉ ቢከፈትም ባዶ ከሆነና መከተልም ካልተቻለ ብሎክ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ አካውንቱን ለጊዜው የዘጋ፣ ያጠፋ ወይም የመጠቀሚያ ስሙን የቀየረ ሰው በፍለጋ ሲታይ ከብሎክ ጋር ይመሳሰላል። የሚለየው ከሌላ ሰው ስልክ ሲታይ ነው፤ ለሌላው ከታየና ለእኛ ካልታየ ነገሩ ብሎክ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ብሎ ሁለተኛ አካውንት ከፍቶ መከታተል ግን አይገባም፤ ያኛው ወገን የፈለገው እንዳንደርስበት ነው፣ ፈቃዱም ሊከበርለት ይገባል።

ብሎክ የከበደበት ሰው ሌላ አማራጭ አለው?

በኛ ማኅበረሰብ ዘመድን ብሎክ ማድረግ ከስልክ አልፎ ለቅሶ ቤት ድረስ የሚከተል ቅሬታ ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ኢንስታግራም በ2019 «Restrict» የተባለ መካከለኛ አማራጭ አስተዋውቋል። ይህ የተደረገበት ሰው ተከታይ ሆኖ ይቀጥላል፤ አዲስ የሚጽፋቸውን አስተያየቶች ግን እኛ ካልፈቀድን ከእሱ በቀር ሌላው አያያቸውም፤ መልእክቱም ወደ ጥያቄዎች ሳጥን ስለሚሄድ ማንበብ አለማንበባችንን አያውቅም። ልብ መባል ያለበት ፎቶዎቻችንን ማየቱ አለመቋረጡ ነው። ያስቸገረን የሰውየው ንግግር ከሆነ ይህ ይበቃል፤ ያስቸገረን ማየቱ ከሆነ ግን ቢያንስ ማስወጣት ያስፈልጋል።

በሌሎች መድረኮች ያለው አሠራር ተቀራራቢ ቢሆንም አንድ ዓይነት አይደለም። ለምሳሌ ቀድሞ ትዊተር ይባል የነበረው ኤክስ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ብሎክ የተደረገ ሰው ለሁሉም ክፍት የሆኑ ልጥፎችን እንዲያይ ይፈቅዳል፤ የሚከለከለው ምላሽ መስጠትና መከተልን የመሳሰለው ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ እንዳይታይ የሚፈልግ ሰው ብሎክ ማድረግ ብቻ ሳይሆን አካውንቱንም የግል ማድረግ አለበት።

ብሎክ ሲነሳ ምን ይመለሳል?

ብሎክን ማንሳት ነገሩን ወደ ነበረበት አይመልሰውም። የተቋረጠው መከተል በራሱ አይቀጥልም፤ የጠፉት ላይኮችና አስተያየቶችም ተመልሰው አይመጡም። የሚመለሰው ስማችንን ፈልጎ ማግኘትና ጥያቄ መላክ መቻሉ ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን ባሕርይ አውቀው ብሎክ አድርገው ወዲያው ያነሳሉ፤ በዚህም እርስ በርስ መከተሉን በሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ይቆርጣሉ። የሰውየው የቆዩ አስተያየቶች እንደሚጠፉ ግን ማወቅ አለባቸው፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ መቁረጥ ከተፈለገ «Remove» ያለዚያ ጉዳት ይሠራዋል።

የአጎቴ ልጅ ከአራት ወር በኋላ፣ የጋራ ወዳጆች መሐል ገብተው ሰውየው ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ፣ ብሎኩን አንስታለታለች። በሳምንቱ «Follow requests» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ስሙን አየችው። አልሰረዘችውም፣ አልተቀበለችውምም። በእሱ ስልክ ላይ ቁልፉ አሁንም «Requested» ይላል።